ሳሉ እሑድ ያርፋል?

ውድ የዓምዱ አዘጋጅ፣

እናቴ ባሕር ዳር ገበያ ውስጥ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ሽሮ ትሸጣለች። ሦስታችንንም ያሳደገችን በዚያ መደብ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ ትስላለች፤ አሁን አራተኛ ወሯን ይዛለች። «ሐኪም ቤት እንሂድ» ስላት «ሠላሳ ዓመት በርበሬ ስሰፍር የኖርሁ ሰው ባልስል ነው የሚገርመው» ትለኛለች። ማታ ማታ ዝንጅብል በማር ትጠጣለች፤ ሁለት ጊዜም ከመድኃኒት መደብር ክኒን ገዝታ ውጣለች። ባለፈው ሳምንት ስጨቀጭቃት እውነቱ ወጣ። «ጤና ጣቢያ በር ላይ ካዩኝ ነቀርሳ ይዟታል ይላሉ። ያን ጊዜ የእኔን ሽሮ ማን ይገዛል?» አለችኝ።

የእህቴ ልጅ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ጡት ከጣለ ወዲህ የሚተኛው ከእሷ ጋር ነው። ልጁን ከአጠገቧ ላንሳው ብል ልቧ ይሰበራል፤ ዝም ብል ደግሞ ፍርሃቱ እንቅልፍ ነሣኝ። ወንድሜ «ደም ግፊትሽን ተለኪ ብለን አታለን እንውሰዳት» ይላል። እኔ እናቴን አታልዬ አላውቅም። ምን ይሻለኛል?

የነጋዴዋ ልጅ፣ ከባሕር ዳር

* * *

የነጋዴዋ ልጅ፣

መልስ ከመስጠቴ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የእናትሽ ሳል እሑድ ያርፋል?

ቀልድ አይደለም። ከበርበሬ ብናኝ የሚመጣ ሳል ከሥራው ጋር መጥቶ ከሥራው ጋር ይሄዳል። ከረጢቱ ሲፈታ፣ በርበሬው ሲሰፈርና ሲነፋ ያስነጥሳል፣ ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ዓይን ያስለቅሳል። መደቡ ተሸፍኖ ቤት ሲገባ ግን እየበረደ ይሄዳል። በዓል ሆኖ ሦስት አራት ቀን ገበያ ካልተወጣማ ጭራሽ ሊረሳ ይችላል። እስቲ ገናንና ጥምቀትን አስታውሺ፤ እናትሽ ቤት ሲውሉ ሳሉ ቀነሰላቸው ወይስ ያው ነበር? ሌሊት ከእንቅልፍ ያስነሣቸዋል? ይህ ጥያቄ ብቻውን እንደማይፈርድ ግን ልንገርሽ። የዓመታት ብናኝ አስም አምጥቶባቸው ከሆነ ሳሉ ሌሊትም አይለቅም። ቢሆንም ሳሉ በዓሉንም ሌሊቱንም ሳያርፍ ከዘለቀ፣ በርበሬው የሚሸከመው ጥፋት የራሱን ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን ጥያቄ የተማርሁት ከአክስቴ ነው። አክስቴ የዘጌን ጌሾና ቡና በጀልባ እያስመጣች ባሕር ዳር የምትሸጥ ነጋዴ ናት። የደረቀ ጌሾ ሲታሽ የሚወጣውን ብናኝ የምታውቂው ይመስለኛል፤ አፍንጫ ላይ ምርር ብሎ ይቀመጣል። እናም ከመስቀል በኋላ መሳል ስትጀምር ማናችንም አልደነገጥንም። «ጌሾው ነው» አለች፤ እኛም «ጌሾው ነው» አልን። አሁን ሳስበው ያዘገያት ይህ ነው። ምንም ምክንያት የሌለው ሳል ያስፈራና ሐኪም ቤት ያስኬዳል፤ አሳማኝ ምክንያት ያለው ሳል ግን ማንም ሳይጠይቀው ወራት ይቀመጣል። የእናትሽ በርበሬም እንደ አክስቴ ጌሾ በጣም አሳማኝ ነው።

ነጭ ሽንኩርት በማር በላች። ዳማከሴ ታሸላት። ኅዳር ላይ ከመድኃኒት መደብር አሞክሳሲሊን ገዝታ ሰባት ቀን ዋጠች፤ ለጥቂት ቀናት ቀለል ስላላት «ይኸው፣ ለቀቀኝ» ብላ አወጀች። ብዙም ሳይቆይ ተመለሰባት። በኋላ ጤና መኮንኑ እንዳስረዳን፣ እንዲህ ያለው ክኒን በላዩ የተደረበ ሌላ ኢንፌክሽን ካለ እሱን ያስታግሳል፣ ሳል ራሱም አንዳንዴ ጋብ ይላል፤ ሥሩ ግን ሳይነካ ይቆያል። ያ እፎይታ ሁለት ወር አስከፈላት። የእናትሽን ሁለት ዙር ክኒን ሳነብ ያሳሰበኝ ይኸው ነው፤ ሦስተኛ ዙር እንዳትገዙላቸው።

በጥር አንድ ቅዳሜ፣ ገበያው በደመቀበት ሰዓት፣ ጌሾ ስትሰፍር የብር ቀለበቷ ከጣቷ ሾልኮ ጆንያው ውስጥ ገባ። ያ ቀለበት ለሃያ ዓመት በሳሙና እንኳ አልወጣ ያለ ነበር። ጆንያውን ሸራ ላይ ገልብጠን ቅጠል በቅጠል ፈለግነው፤ ተገኘ። መልሳ ስታጠልቀው ግን ጣቷ ላይ ዝም ብሎ ዞረ። ቀለበቱን እያዞረች ብዙ ቆየች። ከዚያ ቀስ ብላ መቀነቷም ከገና ወዲህ አንድ ዙር እንደጨመረ ነገረችኝ። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ ነበርን።

ጤና መኮንኑ ስለ ጌሾው አልጠየቃትም። «ስንት ሳምንት ሆነዎት?» ነበር ያለው። ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ከሆነ፣ ሰውየው ምንም ዓይነት ምክንያት ይስጥ፣ የሳንባ ነቀርሳ ይጣራል። ቀጥሎ «ሌሊት ያልብዎታል?» ሲላት «የለም» አለች። እሱም ረጋ ብሎ «ትራስዎን አይገለብጡም?» አላት። አክስቴ ዝም አለች። ለካ ለሳምንታት በየሌሊቱ ትራሷን ወደ ደረቁ ፊት እየገለበጠች ስትተኛ ኖራለች፤ ለማንም አልተናገረችም። አንቺም እናትሽን «ያልብሻል ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያቸው፣ «የለም» ይሉሻል። ይልቅ የትራሳቸውን ልብስ ራስሽ እጠቢ፤ ቀሚሳቸው ወገባቸው ላይ እንዴት እንደሚቀመጥም እይ።

ክዳን ያላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ተሰጣትና አክታ አምጪ ተባለች። ያመጣችው ግን ምራቅ ነበር። የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዕቃውን ብርሃን ላይ አንሥታ አየችና መለሰችላት። ይህ ስሕተት ብዙ ሰው ላይ ስለሚደርስ በደንብ ያዢው፤ ምራቅ ቢመረመር በሽታው እያለ «የለም» ሊባል ይችላል። ባለሙያዋ ያስተማረቻት እንዲህ ነው። ጠዋት ቁርስ ሳይቀመስ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ ከሰው ራቅ ብሎ ሜዳ ላይ መውጣት፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አየር በረጅሙ ስቦ ያዝ ማድረግ፣ ከዚያ ከጉሮሮ ሳይሆን ከደረት ሥር መሳል። በማግስቱ ያመጣችው ወፍራምና ወደ ቢጫ የሚያደላ ነበር። ባለሙያዋ «አሁን ገና አክታ መጣ» አለች።

መመርመሪያው ጂን ኤክስፐርት የሚባል መሣሪያ ነው። አክታው ከገባበት ሁለት ሰዓት ያህል በኋላ ጀርሙ መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ ካለ ደግሞ ዋናው መድኃኒት ሪፋምፒሲን ይሠራበት እንደሆነ አብሮ ያሳያል። የአክስቴ ውጤት «ጀርሙ አለ፤ መድኃኒቱን የተላመደ አይደለም» የሚል ሆነ። ሁለተኛው ግማሽ የምሥራች መሆኑን ያወቅነው ቆይተን ነው።

አክስቴ መጀመሪያ የተናገረችው «ታዲያ ጌሾው?» የሚለውን ነበር። ጤና መኮንኑ ሳቀና «ጌሾው አስሎዎት ሊሆን ይችላል። ጀርም ግን አይወልድም» አላት። ጀርሙ የሚመጣው በሳንባ ነቀርሳ የታመመ ሰው ሲስል ከሚወጣው አየር ነው። አብዛኛው ሰው ቢተነፍሰውም አይታመምም፤ ሰውነቱ ዙሪያውን አጥሮ ያስቀምጠዋል። ዓመታት አልፈው ሰውነት ሲደክም፣ በዕድሜ ወይም በምግብ እጥረት፣ በስኳር በሽታ ወይም በኤች አይ ቪ፣ አጥሩ ይላላና ጀርሙ ይነቃል። ስለዚህ «ማን አስያዘኝ?» ለሚለው ጥያቄዋ መልስ አልነበረውም፤ የዛሬ አሥር ዓመት አውቶቡስ ላይ አጠገቧ የተቀመጠ ሰው ሊሆን ይችላል። ስኳርና ኤች አይ ቪም የተመረመረችው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ሁለቱም አልተገኘባትም። ይህን የምነግርሽ ገበያው ነቀርሳና ኤች አይ ቪን አንድ አድርጎ ስለሚያወራ ነው። ምርመራው የነቀርሳ ሕመምተኛ ለሆነ ሁሉ የሚቀርብ ነው፤ የማንንም ጠባይ አይመሰክርም።

ሕክምናው ስድስት ወር ነው፤ በመንግሥት ጤና ተቋም መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል። መጀመሪያ ሁለት ወር አራት መድኃኒት በአንድ ላይ የተጋገረበት ክኒን፣ ቀጥሎ አራት ወር ሁለት መድኃኒት ያለው። ቁጥሩ በክብደት ይወሰናል፤ አክስቴ 48 ኪሎ ስለነበረች በቀን ሦስት ደረሳት። በማግስቱ ሽንቷ ብርቱካንማ ሆኖ አየችና ደም መስሏት ጮኸች። ሪፋምፒሲን እንባንም ሽንትንም እንዲህ ያቀላል፤ ጉዳት የለውም። የሚያሠጋው ሌላ ነው፤ ዓይን ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ማስመለሱ ካላቆመ፣ ወይም እይታ ከደበዘዘ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ መመለስ ነው። ሁለተኛው ወር ላይ አራት ኪሎ ጨመረች፣ ሳሉ ጠፋ፣ እሷም «ድኛለሁ» ብላ ክኒኑን ለማቆም ዳር ዳር አለች። ያኔ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። የንስሐ አባቷ «ጸበሉንም ጠጪ፣ መድኃኒቱንም ዋጪ» ባይሏት ኖሮ እኔ የምችላት አልነበርሁም። በመካከሉ የሚያቋርጥ ሰው ከሞት የተረፉትን ጀርሞች መድኃኒቱን እያለማመደ ያሳድጋቸዋል፤ ያን ጊዜ ሕክምናው ይከብዳል። እሷ ግን ሐምሌ ላይ የመጨረሻውን አክታ ሰጥታ ነጻ ወጣች።

ገበያውስ? እዚህ ላይ ልዋሽሽ አልፈልግም። አጠገቧ የምትሸጠው ጎረቤቷ ለወራት ቡና በተለየ ስኒ ትሰጣት ነበር። አክስቴ ያችን ስኒ እስካሁን አልረሳችም፣ ሴትዮዋንም አልማረቻትም። ከደንበኞቿ ግን የቀረባት ሰው ትዝ አይለኝም፤ ለስድስት ሳምንት ልጇ ስትሸጥላት ቆይታ ስትመለስ «የት ጠፋሽ?» ብለው ጌሾ ከመግዛት በቀር ምንም አላሉም።

እንግዲህ ወደ እናትሽ እንመለስ። ነቀርሳ ነው እያልሁ አይደለም፤ እኔ በደብዳቤ ሰው አልመረምርም። የወንድምሽ ነገር ራሱ አንድ ሌላ መንገድ አስታውሶኛል። እናትሽ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ኢናላፕሪል የሚባለው ክኒን በአንዳንድ ሰው ላይ፣ በተለይም በሴቶች ላይ፣ ደረቅና ጉሮሮ የሚኮረኩር ሳል ያመጣል። ከተጀመረ ከሳምንታት አንዳንዴም ከወራት በኋላ ስለሚነሣ ማንም ከክኒኑ ጋር አያገናኘውም፤ ሐኪሙ በሌላ ሲለውጠው ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይጠፋል። ራሳችሁ እንዳታስቆሟቸው ብቻ። ምንም ዓይነት ክኒን የሚውጡ ከሆነ እሽጉን ይዛችሁ ሂዱ፤ ከመድኃኒት መደብር የተገዛውንም ጭምር።

ስለ ማታለሉ ግን ከወንድምሽ ጋር አልስማማም። ክፋት ኖሮበት አይደለም፤ ጨንቆት ነው። ነገር ግን ምርመራው የአንድ ቀን ጉዳይ ሲሆን ሕክምናው፣ ካስፈለገ፣ የስድስት ወር ነው። በመጀመሪያው ቀን የተታለሉ እናት በሦስተኛው ወር «ክኒኑን ዋጪ» ስትያቸው ለምን ያምኑሻል? አክታውንም ቢሆን እሳቸው ከደረታቸው ፈልገው ካላወጡት ማንም ሊያወጣላቸው አይችልም።

ይልቅ የሚፈሩትን ነገር አንሥተሽ ተነጋገሪ፤ ሽሮውን። ነቀርሳ በሽሮ፣ በበርበሬ፣ በብር ኖት፣ በስኒ ወይም በሳሕን አይተላለፍም። የሚተላለፈው በአየር፣ ለረጅም ሰዓት በተዘጋ ቤት አብሮ በመተንፈስ ነው። ነፋስ በሚያገኘው መደብ ፊት ቆሞ ግማሽ ኪሎ በርበሬ ገዝቶ የሚሄድ ደንበኛ ሥጋቱ አነስተኛ ነው። ሥጋት ካለ ያለው በሌሊቱ ነው፣ በርና መስኮት ተዘግቶ አጠገባቸው ከሚተነፍሰው ልጅ ዘንድ። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ ሰውነቱ አጥሩን ገና አላጠነከረም፤ በበሽታው ከተያዘ ቶሎ ይብስበታል። ይህን ለእናትሽ እንደ ክስ አትንገሪያቸው። ቡና ተፈልቶ ልጁ ሲተኛ፣ «እማዬ፣ ደንበኞችሽ ምንም አይሆኑም፣ እኔ የምፈራው ለዚህ ነው። ከሌለብሽ ዛሬውኑ ይመለስልሻል» ብትያቸውስ? ለራሳቸው ሐኪም ቤት የማይሄዱ እናት ለልጅ ልጃቸው ሲሆን ነጠላቸውን አንሥተው ሲነሡ አይቻለሁ።

እስከዚያው ልጁ ከእህትሽ ጋር ይተኛ፤ ምክንያቱን ሳትደብቂ። የመኝታ ቤቱ መስኮት ሌሊት ገርበብ ይበል። እናትሽ ሲስሉ አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍኑ። ስኒና ሳሕን ግን እንዳትለዩ፤ ምንም አይጠቅምም፣ የአክስቴን ጎረቤት ነው የሚያደርግሽ። ልጁ ራሱ ከሳለ፣ ካተኮሰው ወይም ክብደት አልጨምር ካለ የአያቱን ውጤት ሳትጠብቁ አሳዩት። የእናትሽ ውጤት «አለ» ከሆነ ደግሞ ቤት ያላችሁ ሁሉ ትመረመራላችሁ፤ ልጁ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ መከላከያ መድኃኒት ይሰጠዋል። መድኃኒት ከተጀመረ ከሁለት ሳምንት ያህል በኋላ የእናትሽ ሳል የማስተላለፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ልጁን የሚያጡት ለጊዜው ነው። መቼ ወደ አልጋቸው እንደሚመለስ ጤና ባለሙያው ይንገራችሁ።

መታየቱ የሚያሳፍራቸው ከሆነ እኔ አልከራከራቸውም፣ እውነተኛ ፍርሃት ነው። የሚያውቋቸው ሰው ወደማይበዛበት ወደ ሌላ ቀበሌ ጤና ጣቢያ ውሰጃቸው። ቅዳሜ አይሁን፤ የገጠሩ ደንበኛ ሁሉ ከተማ የሚገባበት ቀን ነው። ስትገቡ ለካርድ ክፍሉ ወይም ለመጀመሪያው ነርስ «አራት ወር የቆየ ሳል» በሉ፤ «በርበሬ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ራጅ ብቻ አንሥቶ የሚሸኛችሁ ካለ አክታው እንዲመረመር ጠይቁ፤ ራጅ ጥላ ያሳያል እንጂ የጥላውን ስም አይናገርም። አክታው «የለም» ካለም ጉዳዩ እዚያ አያልቅም። አስሙም፣ የግፊት ክኒኑም፣ የማገዶ ጭሱም ገና አልተጠየቁም፤ «ታዲያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ቀጥሉ። ከዚህ ሁሉ በፊት ደም የተቀላቀለበት አክታ ካዩ ወይም ተቀምጠው እንኳ ትንፋሽ ካጠራቸው ግን ቀን አትምረጡ፤ በዚያው ሰዓት ይዘሻቸው ሂጂ።

መደቡን ለአንድ ጠዋት ማን ይጠብቅላቸዋል? ይህን አስቀድመሽ ጨርሺ፤ «ዛሬ ገበያ አለብኝ» የሚለው ምክንያት አፋቸው ላይ ሳይደርስ። ወንድምሽ ማታለሉን ትቶ በርበሬ ቢሰፍርስ? ለአንድ ማክሰኞ ጠዋት አያቅተውም፤ ቢያስነጥሰውም ቤት ሲገባ ይተወዋል።